አንድ ኩባንያ ላይ የተከማቸ አክሲዮን፦ ፑት ልግዛ ወይስ ኮላር ልሥራ?

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለ11 ዓመት የሠራሁበት የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሰጠኝ 2,000 አክሲዮን አለኝ። ዛሬ አንዱ 200 ዶላር ገደማ ያወጣል። 1,600ዎቹ የቆዩ ናቸው፤ በአማካይ በ40 ዶላር የገቡ። 400ዎቹ ግን ከመልቀቄ በፊት የተሰጡኝ ናቸው፤ በ190 ነው የገቡት፤ ዓመት አልሞላቸውም። አሁን ሌላ ቦታ እየሠራሁ ነው። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ጡረታ እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ትቀጥላለች። ዘንድሮ የሁለታችን ደሞዝ ከ250,000 ዶላር በላይ ስለሆነ አሁን ብሸጥ ታክሱ ያቃጥለኛል። ዋጋው ቢወርድ ደግሞ ጡረታዬ ነው የሚሄደው። ጓደኛዬ ‹ፑት ግዛ፣ ወይም በነጻ ኮላር ሥራ፤ እንደ መኪና ኢንሹራንስ ነው› ይለኛል። እውነቱን ነው? የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው።»

ጓደኛዎ ስለ ፑት ያሉት ልክ ነው። ስለ ኮላር ያሉት ግን ጎዶሎ ነው። በአጭሩ፣ ፑት ከዋጋ መውረድ የሚጠብቅ ውል ነው፤ ኮላር ደግሞ የፑቱን ወጪ የሚሸፍነው ከተወሰነ ዋጋ በላይ ያለውን ትርፍ ለሌላ ሰው በመተው ነው። ኮላር «በነጻ» የሚባለው ከኪስ ጥሬ ገንዘብ ስለማይወጣበት ብቻ ነው። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል፤ እዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ግን 400ዎቹን እንለያቸው። እነሱን በኢንሹራንስ መጠበቅ ትርጉም የለውም። በ190 ገብተው በ200 ቢሸጡ ትርፉ በጠቅላላ 4,000 ዶላር ነው። ዓመት ስላልሞላቸው እንደ ደሞዝ ይታክሳሉ፤ ቢሆንም ከ4,000 ላይ የሚቆረጠው ምን ያህል ነው? ደግሞም ዓመት ያልሞላው አክሲዮን ላይ ፑት ሲገዙ የአሜሪካ ታክስ ሕግ የቆይታ ጊዜውን ቆጠራ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ፑቱ እስካለ ድረስ አንድ ዓመት አይሞላም። ስለዚህ 400ዎቹን ዛሬውኑ ይሽጡ። 80,000 ዶላር እጅዎ ይገባል። ይህን ገንዘብ ወዲያው ቦታ አያስይዙት፤ ኋላ ላይ ለኮላሩ ይፈለጋል።

የቀሩት 1,600ዎቹ ናቸው። 320,000 ዶላር። ትርፉ ብቻ 256,000 ነው። ራስ ምታቱ ያለው እዚህ ነው።

ፑት ማለት አክሲዮንዎን እስከተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው። ያ የተወሰነ ዋጋ ስትራይክ ይባላል። አንድ ውል 100 አክሲዮን ይሸፍናል፤ ስለዚህ 16 ውል ያስፈልግዎታል። የሚመጣው ዓመት ጃንዋሪ ሦስተኛ ዓርብ ላይ የሚያበቃ የ180 ፑት እንውሰድ። የርስዎ ኩባንያ ዓይነት ዋጋው የሚዋዥቅ የቴክኖሎጂ አክሲዮን ከሆነ አረቦኑን በአክሲዮን 15 ዶላር አካባቢ ይያዙት። ይህ ለማሳያ ያሰላሁት ነው፤ ትክክለኛውን ብሮከርዎ ስክሪን ላይ ያገኙታል። 15 ዶላር በ1,600 ሲባዛ 24,000 ዶላር ይሆናል።

አሁን አክሲዮኑ 120 ወረደ እንበል። አክሲዮኖቹ 192,000 ያወጣሉ። ፑቱ ልዩነቱን፣ በአክሲዮን 60 ዶላር፣ ይከፍላል፤ 96,000 ማለት ነው። ድምሩ 288,000 ነው። አረቦኑን ሲቀንሱ 264,000 ይቀራል። 20 ቢወርድም 264,000 ነው። 5 ቢወርድም ያው ነው። ወለሉ ይሄ ነው፤ በአክሲዮን 165 ዶላር። ሰው ሁሉ «180 ላይ ዋስትና አለኝ» ይላል። የለውም፤ ያለው 165 ላይ ነው። ከ200 እስከ 180 ያለው ኪሳራ የራስዎ ድርሻ ነው፤ የመኪና ኢንሹራንስ ዲዳክቲብል እንደሚሉት። አረቦኑ ደግሞ በላዩ ይጨመራል።

በርካሽ ማለፍ ይቻላል። የ160 ፑት 9 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ነገር ግን ወለሉ ወደ 151 ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ የሦስት ወር ፑት ይገዛል፤ 5 ዶላር ብቻ ስለሚጠይቅ ደስ ይለዋል። አራት ጊዜ ሲያድሰው ግን 20 ዶላር አወጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤት ሊያወጣ ሲል አረቦኑ ያብጣል፤ ማደሻው ቀን እዚያ ላይ ከዋለ ይበላሉ።

«ለምን ስቶፕ ሎስ ትእዛዝ አልሰጥም፤ እሱ እኮ ነጻ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ሜታ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ሜታ 323 ዶላር ላይ ዘጋ። ገበያው ከተዘጋ በኋላ ውጤቱን አወጣ። በማግስቱ ከ250 በታች ከፍቶ 237.76 ላይ ዘጋ፤ በአንድ ቀን 26 በመቶ ጠፋ። በ290 ሽጥልኝ ብሎ ስቶፕ ያስቀመጠ ሰው በ290 አልተሸጠለትም። ዋጋው 290ን ሳይነካ ዘልሎት አለፈ፤ ትእዛዙ የተፈጸመው ጠዋት በተገኘው ዋጋ ነው። የ290 ፑት የያዘ ሰው ግን በ290 የመሸጥ መብቱ አልተነካም። የቴክኖሎጂ አክሲዮን አደጋ በብዛት የሚመጣው እንዲህ በሌሊት ነው።

እንግዲያው ፑት ይግዙ? እዚህ ላይ ካልኩሌተር ያውጡ። ዘንድሮ 1,600ዎቹን ቢሸጡ ፌዴራል መንግሥቱ 15 በመቶ ይወስዳል። ገቢያችሁ ከ250,000 ስላለፈ በትርፉ ላይ 3.8 በመቶ ተጨማሪ ይመጣል። ቨርጂኒያም እስከ 5.75 በመቶ ትጠይቃለች። በጠቅላላ ወደ 63,000 ዶላር ይጠጋል። ያስደነግጣል። ነገር ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ ሲሸጡ 15 በመቶው ይቀራል? አይቀርም። የቨርጂኒያው? እሱም አይቀርም። በሁለት ዓመት ከፋፍለው ከ250,000 በታች ሆነው ከሸጡ በእርግጠኝነት የሚተርፈው 3.8 በመቶው ነው። ከ256,000 ላይ 9,700 ዶላር ገደማ። የባለቤትዎ ደሞዝ ዝቅተኛ ከሆነ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ሂሳብ ሠሪዎን ያስሉት።

ልብ ይበሉ። 10,000 የማይሞላ ታክስ ለማዳን 24,000 ዶላር አረቦን መክፈል ነው። ይህ ኢንሹራንስ አያዋጣም። ሰው የሚሳሳተው ሙሉውን 63,000 ከአረቦኑ ጋር ስለሚያወዳድር ነው። መወዳደር ያለበት በመቆየት የሚተርፈው ብቻ ነው። «ዋጋው ገና ይወጣል» ብለው ካመኑ ሌላ ነገር፤ ያኔ ግን ለታክስ ሳይሆን ለእምነትዎ እየከፈሉ መሆኑን ይወቁት።

ኮላር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የ180ውን ፑት ይገዛሉ። በዚያው ቀን፣ ለዚያው ጃንዋሪ፣ የ240 ኮል ይሸጣሉ። ኮል ማለት ሌላው ሰው የርስዎን አክሲዮን በ240 የመግዛት መብት ነው። መብቱን ስለሸጡለት ይከፍልዎታል። በዚህ ምሳሌ ላይ እሱም 15 ዶላር አካባቢ ነው። 15 ወጣ፣ 15 ገባ። ኪስዎ አልተነካም።

120 ቢወርድ 288,000 አለዎት። ወለሉ አሁን በትክክል 180 ነው። 220 ላይ ቢያበቃ ምንም አልሆነም፤ አክሲዮንዎ የራስዎ ነው። 300 ቢገባስ? በ240 ታጠሩ። 384,000 ያገኛሉ። ኮላር ባይኖር 480,000 ነበር። 96,000 ዶላር ለሌላ ሰው ሰጡ። የ«ነጻው» ዋጋ ይሄ ነው። የሚከፈለውም ጎረቤቱ ሁሉ ስለዚያ አክሲዮን በሚያወራበት ጊዜ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያመው።

በዚህ የሚታወቀው አሜሪካዊው ቢሊየነር ማርክ ኪዩባን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 እሱና አጋሮቹ ብሮድካስት ዶት ኮም የተባለውን ኩባንያ ለያሁ በ5.7 ቢሊዮን ዶላር ሸጡ። ክፍያው በያሁ አክሲዮን ነበር። የኪዩባን ሀብት አንድ አክሲዮን ላይ ተከመረ። በይፋ እንደተነገረው በ85 ፑት ገዝቶ በ205 ኮል ሸጠ። በ2000 መጀመሪያ ያሁ ከ205 በላይ ወጣ፤ ያኔ ሞኝ ያሉት አይጠፉም። በ2001 አክሲዮኑ ከ15 ዶላር በታች ወረደ። ሁሉም የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው። እኔ ግን ደንበኛ ሲመጣ የምነግረው የመካከሉን ነው። አክሲዮኑ ከኮሉ በላይ በሚቆይባቸው ወራት ኮላሩን አፍርሶ መውጣት ያምራል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው፤ ኮሉን በውድ መልሶ ይገዛና ፑቱን ይሸጣል፤ ከዚያ ዋጋው ይወርዳል።

መልሶ መግዛት የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ማብቂያው ደርሶ ዋጋው 260 ነው እንበል። አክሲዮኖቹን በ240 መስጠት ካልፈለጉ ኮሉን መዝጋት አለብዎት፤ በአክሲዮን 20 ዶላር፣ 32,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ። 300 ከሆነ 96,000። በወረቀት ሀብታም ነዎት፤ ባንክ ውስጥ ግን ገንዘቡ የለም። ከ400ዎቹ ሽያጭ የመጣውን 80,000 ያዙት ያልኩት ለዚህ ነው። አለበለዚያ አክሲዮኑን በ240 ለማስረከብ ከወዲሁ ይዘጋጁ። በርስዎ ሁኔታ ይሄ መጥፎ ውጤት አይደለም፤ ለመሸጥ አስበው የለም እንዴ?

ኮሉ ከማብቂያው በፊትም ሊጠራ፣ ማለትም ገዢው አክሲዮኑን በ240 ሊወስደው ይችላል። ፑትና ኮል በአንድ ስም ኦፕሽን ይባላሉ፤ የአሜሪካ የአክሲዮን ኦፕሽን ደግሞ ባለቤቱ በፈለገው ቀን የሚጠቀምበት ነው። በተግባር ግን የሚሆነው በአብዛኛው ኩባንያው ዲቪደንድ ሲከፍል፣ የመብት መቁረጫው ቀን ዋዜማ ላይ ነው። ኩባንያዎ ዲቪደንድ የማይከፍል ከሆነ ብዙም አይጨነቁ። የሚከፍል ከሆነና አክሲዮኑ ከ240 በላይ ከሆነ ግን ያንን ቀን ካላንደር ላይ ይጻፉት። ዲሴምበር ላይ ቢጠሩብዎ ሽያጩ በከፍተኛ ገቢዎ ዓመት ላይ ይወድቃል፤ የለፉበት ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ታክሱ። ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው ኮላሩን በጣም ማጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የኤስቴ ላውደር ኩባንያ ወደ ገበያ ሲወጣ የቤተሰቡ አባላት የራሳቸውን አክሲዮን ይዘው ከዘመድ የተበደሩትን ሸጡ። ገንዘቡን አገኙ፤ ታክሱ ግን ተራዘመ። ወሬው ዋሽንግተን ደረሰ። በ1997 ኮንግረስ ሴክሽን 1259ን አወጣ፦ ውጤቱ ከመሸጥ የማይለይ ነገር ከሠራህ እንደ ሸጥክ ትቆጠራለህ። የ199 ፑት ገዝቶ የ201 ኮል የሸጠ ሰው ምን ቀረው? ምንም፤ ስለዚህ ሸጧል፤ ታክሱን ዛሬ ይከፍላል። ሕጉ ለኮላር ቁርጥ ያለ ቁጥር አላስቀመጠም። የታክስ ጠበቆች በብዛት በሁለቱ ዋጋዎች መካከል 20 በመቶ ገደማ ክፍተት ይፈልጋሉ። 180 እና 240 የዛሬው ዋጋ 30 በመቶ ርቀት አላቸው፤ ይህ ምቹ ነው። አንዳንድ ደንበኛ «ወለሉን 195 አድርግልኝ» ይላል። የ195 ፑት ውድ ስለሆነ በነጻ እንዲሆን ኮሉ ወደ ታች ይሳባል፤ ክፍተቱ ይጠባል፤ ከዚያ ጠበቃው ይደውላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ስትራድል የሚባለው ደንብ ነው። አክሲዮን እና ፑት አንዱ ሌላውን የሚያካክስ ስለሆነ የአንዱን ኪሳራ ብቻ ነጥለው ዘንድሮ መቀነስ አይችሉም። ፑቱ ዋጋ አጥቶ ቢያበቃ ያ ኪሳራ አክሲዮኑ እስኪሸጥ ይንጠለጠላል። ቅጽ 6781 ላይ ይሞላል። ይህ እንኳን ቀላሉ ነው። ከባዱ ሲያተርፉ ነው።

አክሲዮኑ 120 ወረደ። ስክሪኑ ላይ ፑቱ 60 ዶላር ዋጋ ያሳያል። እጅዎ ይሳሳል፤ ፑቱን ሸጠው 96,000 ሊወስዱ፣ አክሲዮኑን ደግሞ ይዘው ሊቆዩ። እንዲህ ካደረጉ የፑቱ ትርፍ በአጭር ጊዜ ትርፍነት እንደ ደሞዝ ይታክሳል። በሌላ በኩል ፑቱን ተጠቅመው የቆዩትን አክሲዮኖች በ180 ቢያስረክቡ ሁሉም የረጅም ጊዜ ትርፍ ነው፤ የከፈሉት አረቦንም ከሽያጩ ላይ ይቀነስልዎታል። ዋጋው አንድ ነው፤ ታክሱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ ከማብቂያው በፊት ፑቱን አይሽጡ፤ ይጠቀሙበት። የኮሉን 15 ዶላር ደግሞ አይርሱ፤ ኮሉ ሳይጠራ ቢያበቃ የተቀበሉት 24,000 የአጭር ጊዜ ገቢ ነው።

ማብቂያው ቀን ላይ ፑቱ በአንድ ሳንቲም እንኳ ዋጋ ካለው፣ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጡ በቀር በራሱ ይፈጸማል። ይህ ጥሩ ነው። ግን ከፊሉን ብቻ ከሸፈኑ የትኛው አክሲዮን ይሄዳል? ብዙው ብሮከር ካልነገሩት ከመጀመሪያው የገባውን ያስረክባል፤ ማለትም በጣም ርካሽ የገባውን። ከፍተኛ ዋጋ የገባው ቀድሞ እንዲሄድ ከፈለጉ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

ግዢው ላይ ጥቂት ልበል። አክሲዮኑ አሁን ያለው የሠራተኛ አክሲዮን በሚያዝበት አካውንት ከሆነ ወደ ተራ የብሮከር አካውንት ያዙሩት፤ የኦፕሽን ፈቃድም ይጠይቁ። ከዚያ ፑቱንና ኮሉን ለየብቻ አይግዙ። አንዱን ገዝተው ሌላውን ሲፈልጉ ገበያው ይሄድብዎታል። አንድ ላይ፣ በአንድ የተጣራ ዋጋ፣ ከወሰኑት ዋጋ በላይ በማያስከፍለው በሊሚት ትእዛዝ ያስገቡ። ስክሪኑ ላይ ፑቱ ገዢ 14.20፣ ሻጭ 15.80 ሊል ይችላል። ዝም ብለው በገበያ ዋጋ ካሉ 15.80 ይከፍላሉ። መሀሉ 15 ነው። የ80 ሳንቲም ልዩነት በ1,600 አክሲዮን 1,280 ዶላር ነው። በመሀል ዋጋ አስገብተው ይጠብቁ፤ ካልተያዘ በ10 ሳንቲም ከፍ ያድርጉ።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ አሁንም እዚያው ኩባንያ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ የኩባንያችሁን የአክሲዮን ንግድ ደንብ አንብቡ። ብዙ ኩባንያ ለአመራሩ፣ አንዳንዱ ለሠራተኛው ሁሉ፣ እንዲህ ያለውን መከላከያ ይከለክላል። ከተከለከለ ጉዳዩ አበቃ፤ የሚቀረው በተፈቀደው ጊዜ ቀስ በቀስ መሸጥ ነው።

እኔ በርስዎ ቦታ ብሆን 400ዎቹን ዛሬ እሸጣለሁ። ከ1,600ዎቹ ላይ 600ውን ደግሞ ዘንድሮ እሸጣለሁ። ይህ በመቸኮሌ የሚያስወጣኝ ተጨማሪ ታክስ 3.8 በመቶው ነው፤ 3,650 ዶላር ገደማ። የተሸጠ አክሲዮን ኮላር አይፈልግም። የቀሩትን 1,000 በሁለት ከፍዬ እይዛለሁ፤ 5 ውል ለመጪው ጃንዋሪ፣ 5 ውል ለቀጣዩ ጃንዋሪ። ሁሉም በአንድ ዓመት ከተሸጠ ገቢው እንደገና 250,000ን ሊያልፍ ስለሚችል ነው። የሁለተኛው ዓመት ኮላር ዋጋ ከላይ ካስቀመጥኩት ይለያል፤ ያንን ስክሪኑ ላይ አይተው፣ ስትራይኮቹን ይዘው ወደ ታክስ ባለሙያዎ ይሂዱ። ውሉን የሚያስገቡት እሱ ክፍተቱን አይቶ እሺ ካለ በኋላ ይሁን።